ብላክ ሆል ውስጥ ብወድቅ ምን ይሰማኛል?

ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ቦታ ተገናኙ፦ የክስተት አድማስ የሚባለው መስመር ላይ። መልሶቼን ሁሉ በጋላክሲያችን መሃል ባለው በሳጂታሪየስ ኤ ስታር ላይ አደርጋለሁ። 4.3 ሚሊዮን ፀሐዮችን ያህል ይመዝናል። ከመሃሉ እስከ መስመሩ 12.7 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወዳቂው ከሩቅ ተነስቶ ዝም ብሎ የሚወድቅ ነው እንበል።

መስመሩን ሳልፍ ምን ይሰማኛል? 11ኛ ክፍል ነኝ፣ አስተማሪያችን ጨለማ ነው አለን።

ምንም አይሰማሽም። እዚያ ግድግዳ የለም፣ ምልክትም የለም። መስመሩ ማለት ከዚያ ወዲያ ብርሃን እንኳ ወደ ውጭ መውጣት የማይችልበት ቦታ ነው እንጂ የሚነካ ነገር አይደለም። ወደ ውስጥ መግባት ግን ይችላል። ስለዚህ የከዋክብት ብርሃን ተከትሎሽ ይገባል፤ ዞር ብትዪ ታያቸዋለሽ። አስተማሪሽ ከውጭ ሆኖ ለሚያየው ልክ ናቸው።

እንደ ፓስታ ተለጥጦ መሞትስ? መስመሩ ጋ ሳይደረስ ነው የሚያልቀው። ኢንጂነር ነኝ፣ አስልቼዋለሁ።

ስሌትህ ለትንሹ ብላክ ሆል ልክ ነው። የሚለጥጠው ስበቱ ራሱ ሳይሆን በእግርህና በራስህ መካከል ያለው የስበት ልዩነት ነው። 10 ፀሐይ የሚመዝነው ላይ መስመሩ ከመሃል 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል። እዚያ ልዩነቱ የምድርን ስበት 20 ሚሊዮን እጥፍ ያህል ነው፤ ከመድረስህ በፊት ተበጣጥሰህ አልቀሃል።

ሳጂታሪየስ ላይ ግን መስመሩ ጋ ያለው ልዩነት የምድር ስበት አንድ አስር ሺህኛ ገደማ ነው። አይታወቅህም። ከዚያ እስከ መሃሉ 28 ሰከንድ አለህ። ልዩነቱ የምድርን ስበት 10 እጥፍ የሚደርሰው መጨረሻው ሊሆን የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ሲቀር ነው። ደስ የሚለኝ ነገር፣ ይቺ የመጨረሻ ቅጽበት በትንሹም በትልቁም ብላክ ሆል እኩል ናት። የሚለያየው መስመሩ ከዚህ በፊት ይመጣል ወይስ በኋላ የሚለው ነው።

እኔ ሹፌር ነኝ። አባይ በረሃ ስወርድ ጆሮዬ ይደፈናል። እንደዚያ ነው?

አይደለም ጋሼ። የእርስዎን ጆሮ የሚደፍነው ቁልቁል ሲወርዱ የሚጨምረው የአየር ግፊት ነው። እዚህ ግን ክብደት አልባ ሆነው ነው የሚወድቁት፣ መቀመጫው እንኳ አይጫንዎትም። ለነገሩ ፍሬንም የለም።

ሞተር ብለኩስስ? አላመልጥም?

አታመልጥም። ከገባህ በኋላ መሃሉ በፊትህ ያለ ቦታ መሆኑ ቀርቶ እንደ ነገ ያለ ነገር ይሆናል፤ በየትኛውም አቅጣጫ ብትነዳ ይመጣል። ሞተሩን በብልሃት ብትጠቀም 28ቱን ሰከንድ ማራዘም ትችላለህ፣ ግን ከ67 አያልፍም። ዝም ብለህ ሙሉ ነዳጅ ብትለቅ ደግሞ ልታሳጥረው ትችላለህ።

ጓደኛዬ ከውጭ ስታየኝ ለዘላለም መስመሩ ላይ ቆሜ እታያታለሁ ይባላል። ታዲያ አልገባሁም ማለት ነው?

ገብተሃል። እሷ ጋ የሚዘገየው ያንተ ብርሃን ነው። ወደ መስመሩ በቀረብክ ቁጥር ከአንተ የሚነሳው ብርሃን ለመውጣት የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል፣ ሞገዱም ይለጠጣል። ሳጂታሪየስ ላይ በየ85 ሰከንዱ የሞገዱ ርዝመት ወደ 2.7 እጥፍ ያድጋል። ግማሽ ሰዓት ስትቆይ ዓይን ያየው የነበረ ብርሃን ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚያልፍ የሬዲዮ ሞገድ ሆኗል። ሐውልት ሆነህ አትቀርም፤ ትደበዝዝና ትጠፋለህ።

እኔስ በተራዬ የዓለምን መጨረሻ በፍጥነት ሲያልፍ አያለሁ አይደል?

ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል፣ ግን ልክ አይደለም። ከኋላህ የሚመጣው ብርሃን እያሳደደህ ነው፣ አንተም እየሸሸህ ነው። መስመሩን ስታልፍ ቀጥታ ከኋላህ ያለውን የምታየው በግማሽ ፍጥነት ነው።

ፀሐይ ብላክ ሆል ብትሆን ይውጠናል?

አይውጠንም። ክብደቷ ያው ከሆነ ምድር መዞሯን ትቀጥላለች፣ ብርዱ ነው የሚጨርሰን። ብላክ ሆል ለመሆን የሚበቃ ክብደት ደግሞ የላትም።

ይሄ ሁሉ ተረጋግጧል?

ሄዶ የተመለሰ የለም፤ ይህ የአንስታይን ቀመር የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሆኪንግ ብላክ ሆል ቀስ እያለ እንደሚተን አሳየ። በ2012 ደግሞ አልምሃይሪ፣ ማሮልፍ፣ ፖልቺንስኪና ሱሊ የገባው መረጃ በትነቱ የሚወጣ ከሆነ፣ ያረጀ ብላክ ሆል መስመር ላይ የሚያቃጥል ግድግዳ መኖር አለበት ብለው ተከራከሩ። ያ ከሆነ ለ11ኛ ክፍሏ የሰጠሁት መልስ ይፈርሳል። እኔ «ምንም አይሰማም» ከሚሉት ወገን ነኝ፣ ግን ከአንድ ስኒ ቡና በላይ አልወራረድም።