ከነጩ በፊት ጠርዙን ተከተሉ

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

የአንድ ሰው የደረት ራጅ ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። ዕድሜው አርባዎቹን ያጋመሰ ሰው ነበር። አምስት ቀን ሙሉ ትኩሳትና ሳል ሲያሠቃየው ቆይቶ፣ ሲተነፍስ ቀኝ ጎኑን የሚወጋው ሕመም ሲጸናበት ወደምሠራበት ሆስፒታል መጣ። እኔ ሥራ ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቀልኩት፤ የቀኝ ሳንባው የታችኛው ክፍል ነጭ ነው። ትኩሳት አለ፣ ሳል አለ፣ ነጭ አለ። «የሳንባ ምች» ብዬ ጻፍኩ፤ አንቲባዮቲክም ተጀመረለት።

በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ያው ነበር። መድኃኒቱን ለመቀየር ስዘጋጅ አንድ አንጋፋ ሐኪም ፊልሙን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ጥቂት አዩትና «ልጄ፣ ነጩን ለጊዜው ተወው። ጠርዙን በጣትህ ተከተልልኝ» አሉ። ጣቴን ከልብ አጠገብ አስነሥቼ በነጩ የላይኛው ጫፍ ላይ ወደ ውጭ ወሰድኩት። መስመሩ መጀመሪያ ላይ አግድም ሄደ፤ ወደ ጎድን አጥንቶቹ ሲቃረብ ግን ጎንበስ ብሎ እንደነበረ ሰው ቀና እያለ ወደ ላይ ወጣ። ድያፍራሙ ከደረት ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ሹል ማዕዘን ደግሞ ጨርሶ አይታይም። ሰውየው ሳንባው ዙሪያ ውሃ ቋጥሮ ነበር፤ እኔም አራት ቀን ሙሉ አላየሁትም።

በዚህ ደብዳቤ ልነግራችሁ የምፈልገው ያንኑ ነው። ጀማሪ ዓይን ነጭ ነገር ሲያይ ነጩ ላይ ያፈጣል። መልሱ ያለው ግን በነጩ ጠርዝ ላይ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በደረት ራጅ ላይ ልብ፣ ደም፣ ጡንቻ፣ ውሃና መግል ለዓይን አንድ ዓይነት ነጭ ናቸው። ጥቁር የሚመስለው አየር ነው። የልብን ጠርዝ ጥርት ብሎ የምናየው ልብ ራሱ የተለየ ስለሆነ ሳይሆን፣ አጠገቡ አየር የሞላው ሳንባ ስላለ ነው። ድያፍራምም እንደዚያው። ስለዚህ ልብን የሚነካው የሳንባ ክፍል በምች ምክንያት አየሩ ወጥቶ በፈሳሽ ከተሞላ፣ ነጭ ከነጭ ጋር ይጋጠምና የልቡ ጠርዝ ይጠፋል። ጠርዙ የጠፋበት ቦታ በሽታው የት እንዳለ ይነግራችኋል። የልብ የቀኝ ጠርዝ ከደበዘዘ በሽታው ያለው በቀኝ ሳንባ መካከለኛ ክፍል ነው። የልቡ ጠርዝ ጥርት ብሎ የድያፍራሙ መስመር ከጠፋ ግን በሽታው በታችኛው ክፍል ነው። በግራ በኩል ይህ ነገር ይበልጥ ያታልላል፤ የግራ ሳንባ የታችኛው ክፍል ብዙው ከልብ ጀርባ ተደብቋልና። ሁልጊዜ በልብ ጥላ ውስጥ አሻግራችሁ እዩ። የግራ ድያፍራም መስመር ከልብ ኋላ እስከ አከርካሪው አካባቢ ድረስ ሊከተሉት ይገባል። መሐል ላይ ከተቆረጠ እዚያ የተደበቀ ምች ሊኖር ይችላል። ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህን ነው።

ምች እና ውሃ እንዴት ይለያሉ? በምች ጊዜ የሳንባው የአየር ከረጢቶች ይሞላሉ፤ የአየር ቱቦዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ክፍት ሆነው ይቀራሉ። በነጩ መሐል ቅጠሉ የረገፈ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰሉ ጥቁር መስመሮች ካያችሁ፣ ነጩ ያለው በሳንባው ውስጥ መሆኑን በብዙ መተማመን መናገር ትችላላችሁ። የምች ጠርዝ እንደ ጭጋግ የደበዘዘ ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚቆረጠው የሳንባን ክፍሎች የሚለያየው ስንጥቅ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው።

ውሃ ግን ከሳንባው ውጭ፣ በሳንባውና በደረት ግድግዳ መካከል ነው የሚጠራቀመው። ታማሚው ቆሞ ከተነሣ ውሃው ወደ ታች ይወርዳል። በመጀመሪያ ከኋላ ያለውን ጥልቅ ማዕዘን ይሞላል፤ ይህ ከፊት በተነሣ ፊልም ላይ አይታይም። የጎኑ ማዕዘን ደንዝዞ እስኪታይ ድረስ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መጠራቀም ይኖርበታል። ስለዚህ ማዕዘኑ ሹል ነው ማለት ውሃ የለም ማለት አይደለም። ከጎን የተነሣ ፊልም አነስ ያለውንም ውሃ ያሳያል፤ አልትራሳውንድ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል።

ያ ወደ ላይ የሚወጣው መስመር ለምን እንደሚወጣ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ውሃው በእውነቱ በጎን በኩል ከፍ ብሎ አይደለም፤ ሳንባውን እንደ ቀለበት ከቦት ነው ያለው። መሐል ላይ ጨረሩ የሚያልፈው በፊትና በኋላ ባለው ቀጭን የውሃ ሽፋን ብቻ ስለሆነ ነጩ ደካማ ነው። በጎን በኩል ግን ጨረሩ በውሃው ርዝመት ውስጥ ስለሚሄድ ነጩ ይደምቃል። ይህን ከተረዳችሁ ቅርጹን በቃል መሸምደድ አያስፈልጋችሁም።

የአንድ ወገን ሳንባ ሙሉ በሙሉ ነጭ ከሆነ ደግሞ የአየር ቧንቧውን ተመልከቱ። ብዙ ውሃ ቧንቧውንና ልቡን ወደ ጤናማው ጎን ይገፋል። አየሩ ወጥቶ የተጨማደደ ሳንባ ግን ወደ ራሱ ይስባቸዋል። ነጩ ተመሳሳይ ነው፤ ሕክምናው ግን ፈጽሞ ይለያያል። የተጨማደደ ሳንባ ላይ ውሃ ፍለጋ መርፌ መስደድ ሰውን ይጎዳል።

ወደ ታማሚዬ ልመለስ። አንጋፋው ሐኪም ወደ አልጋው ወሰዱኝና ጀርባውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ከላይ የሚያስተጋባው ድምፅ ወደ ታች ሲወርድ እንደ ድንጋይ ደነቆረ። በማዳመጫ ስሰማም የትንፋሽ ድምፅ በዚያ ቦታ አልነበረም። ምች ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቦታ የትንፋሹ ድምፅ ጎልቶና ሻክሮ እሰማው ነበር። በአልትራሳውንድ ቦታው ተለይቶ በመርፌ ሲቀዳ የወጣው ወፍራም መግል ነበር። ሰውየው ምች ነበረበት፤ በአጠገቡ የተጠራቀመው ውሃ ወደ መግል ተለውጦ ነበር። ለመግል አንቲባዮቲክ ብቻውን አይበቃም፤ በቱቦ መውጣት አለበት። ቱቦ ከገባለት በኋላ በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ በረደ። ከዚህ የተማርኩት ምች እና ውሃ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ነው። አንዱን ስታገኙ ሌላውን መፈለግ አታቁሙ።

ስለ ልብ መጠን የምለው ከጠርዝ ጋር የተያያዘ ነው፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ጠርዙ ራሱ ይዋሻል። መለኪያው ቀላል ነው። በአከርካሪው መሐል ቀጥ ያለ መስመር አስቡ። ከእርሱ እስከ ልቡ የቀኝ ጫፍ፣ ከእርሱም እስከ ግራው ጫፍ ያለውን ለክታችሁ ደምሩ። ድምሩን የደረቱ ውስጣዊ ስፋት እጅግ ከሚሰፋበት ቦታ ጋር አነጻጽሩ። በአዋቂ ሰው ልቡ ከግማሽ መብለጥ የለበትም።

ይህ የሚሠራው ግን ታማሚው ቆሞ፣ ደረቱን ከፊልሙ ጋር አስጠግቶ፣ ጨረሩ ከጀርባው 180 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ሲመጣ ነው። አልጋ ላይ ላለ ታማሚ ፊልሙ ከጀርባው ይደረግና ጨረሩ ከፊት፣ ከቅርብ ይመጣል። ልብ ያለው ወደ ደረት ፊት ስለሆነ ከፊልሙ ይርቃል፤ ጥላውም ይተልቃል። እጃችሁን ከግድግዳ አርቃችሁ ወደ መብራት ስታስጠጉ ጥላው እንደሚገዝፍ ማለት ነው።

አንዲት አረጋዊት እናት አልጋ ላይ ተነሥተው በመጣው ፊልም ልባቸው 16 ሴንቲ ሜትር፣ ደረታቸው 29 ነበር። ከግማሽ በላይ ነው። አንድ ወጣት ሐኪም «ልባቸው አብጧል» ብሎ የልብ ድካም መድኃኒት ሊያዝላቸው ነበር። ከኋላ ያሉትን ጎድኖች እንዲቆጥር ጠየቅኩት። ከድያፍራሙ በላይ የታዩት ሰባት ብቻ ነበሩ። በጥልቅ በተሳበ ትንፋሽ ዘጠኝ ወይም አሥር መታየት አለባቸው። ትንፋሽ ሳይሳብ ሲቀር ድያፍራሙ ከፍ ይልና ልቡን ወደ ጎን ያጋድመዋል፤ የሳንባው ሥርም ተጨማድዶ ምች ይመስላል። በማግስቱ ቆመው፣ ትንፋሽ ስበው ሲነሡ ልባቸው 14፣ ደረታቸው 30 ሆነ። ከግማሽ በታች። የተለወጠው ፊልሙ እንጂ ልባቸው አልነበረም።

ስለዚህ ማንኛውንም ፊልም ከማንበባችሁ በፊት ስሙንና የቀኝ ወይም የግራ ምልክቱን እዩ፤ እንዴት እንደተነሣ ጠይቁ፤ ጎድን ቁጠሩ። ከአንገት ሥር የተጋደሙት ሁለቱ አጥንቶች ውስጣዊ ጫፎች ከአከርካሪው መሐል እኩል መራቃቸውንም አረጋግጡ። ካልራቁ ታማሚው ዞሮ ነው የተነሣው፤ አንዱ ሳንባ ያለ በሽታ ነጣ ብሎ ሊታያችሁ ይችላል።

ልብ በእርግጥ ደክሞ ሲሆን ከስፋቱ ሌላ ምስክር አለው። በሳንባው የላይኛው ክፍል ያሉት የደም ሥሮች ይወፍራሉ። በታችኛው ዳር፣ ከደረት ግድግዳ ጋር የተያያዙ አጫጭር አግድም መስመሮች ይታያሉ። ውሃውም አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ወገን ነው። እነዚህ ሳይኖሩ በስፋት ብቻ የልብ ድካም አትበሉ።

በጀርባው የተኛ ታማሚ ውሃ ሲቋጥር ደግሞ ማዕዘን ፍለጋ አትድከሙ። ውሃው ከሳንባው ኋላ ይዘረጋና ያ ወገን በሙሉ ስስ መጋረጃ እንደተጣለበት ሆኖ ይነጣል፤ በመጋረጃው ውስጥ የሳንባው የደም ሥሮች ይታያሉ። ሁለቱን ወገኖች ካላነጻጸራችሁ በቀላሉ ታልፉታላችሁ።

ፊልም ከሰው ሊዘገይም ይችላል። ምች በጀመረ በመጀመሪያው ቀን ራጁ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ታማሚው ካገገመ በኋላ ደግሞ ነጩ ለሳምንታት ይቆያል። ሰው ትኩሳቱ ለቆት እየበላና እየተራመደ ሳለ ፊልሙ አልጠራም ብላችሁ መድኃኒት አትደርድሩበት። ነገር ግን ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ በተለይ ዕድሜው የገፋ ወይም የሚያጨስ ከሆነ፣ ነጩ ያልለቀቀ እንደሆነ ከጀርባው ዕጢ ተደብቆ ሊሆን ስለሚችል ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ያ የመጀመሪያው ታማሚዬም በስድስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅዬ ጣቴን ከልቡ አጠገብ አስነሣሁ። የድያፍራሙ መስመር ጥርት ብሎ እስከ ጎድኑ ድረስ ሄደ፤ ማዕዘኑ ግን ትንሽ ደንዝዞ ቀርቷል። ጠባሳ ይሁን ጥቂት ውሃ ለማረጋገጥ በአልትራሳውንድ አየሁት። ውሃ አልነበረም። «ጠባሳ» ብዬ ጻፍኩና ፊልሙን ከአሮጌው ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያየው ሐኪም ያንን ማዕዘን አዲስ ነገር እንዳይመስለው።