ሥሩ ላይ ተደግፎ የሚወድቅ ዘንግ፦ ጥያቄና መልስ ከደሴ

ከወልድያ፣ ተማሪ፦ መምህር፣ የሚወድቅ ሁሉ በአንድ ፍጥንጥነት ይወድቃል ተብለን ተምረናል። እርስዎ ግን ሥሩ ተደግፎ የሚወድቅ ዱላ ጫፉ ከተለቀቀ ድንጋይ ሊፈጥን ይችላል ብለዋል፤ እንዴት ሊሆን ይችላል?

የተማርከው ትክክል ነው፤ ግን የሚሠራው ምንም ሳይነካው ብቻውን ለሚወድቅ ነገር ነው። ሥሩ መሬት ላይ ተደግፎ የሚዞር ዱላ ከላይ እስከ ታች አንድ አካል በመሆኑ ክፍሎቹ ሁሉ በእኩል ጊዜ እኩል ማዕዘን ለመዞር ይገደዳሉ። ለሥሩ የቀረበው ክፍል ስበት ሊያወርደው ከሚችለው ያነሰ ብቻ ስለሚወርድ፣ የተረፈው ግፊት በዱላው ግትርነት በኩል ለጫፉ ይደርሰዋል። ጫፉን ከስበት በላይ የሚገፋው ይህ ነው።

ወጥ ውፍረት ያለው ዘንግ ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን θ፣ ርዝመቱ L፣ የስበት ፍጥንጥነት g ቢሆን፣ የዙረት ፍጥንጥነቱ α እንዲህ ነው፦

α = (3g / 2L) cos θ

አንድ ሜትር ጣውላ ወስደህ አንዱን ጫፍ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አሳርፍ፤ ሌላውን በጣትህ ደግፈህ ጣውላውን አግድም ያዘው። ከላዩ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ አንድ አንድ ሳንቲም ደርድርና ጣትህን በድንገት ሳብ። በዚያች ቅጽበት የጣውላው መካከል በ0.75g፣ ጫፉ በ1.5g ይወርዳል፤ ከሥሩ 67 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለው ነጥብ ደግሞ ልክ በg። ስለዚህ እስከ 60 ያሉት ሳንቲሞች ጣውላው ላይ እንደተቀመጡ ይወርዳሉ፤ ከ70 ጀምሮ ያሉት ግን ጣውላው ከሥራቸው ሸሽቷቸው አየር ላይ ይቀራሉ። በስልክ በዝግታ ቀርጸህ ብታየው ክፍተቱ ወደ ጫፉ እየሰፋ ሲሄድ በግልጽ ይታያል።

ከሐይቅ፣ ባህር ዛፍ ቆራጭ፦ ጋሼ፣ ዛፍ ከቆመበት ሲነሣ እኮ እጅግ ቀስ ይላል። ከድንጋይ ይቀድማል መባሉ አይዋጥልኝም።

ያዩት ትክክል ነው፤ እኔም ሁልጊዜ ይቀድማል አላልሁም። ዛፉ ቀጥ ብሎ በቆመበት ክብደቱ ከሥሩ ትክክል በላይ ስለሚያርፍ የሚያዞረው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ይባክናል። ከጫፉ ከፍታ በዚያው ቅጽበት የተለቀቀ ድንጋይ ያለ ጥርጥር ቀድሞ መሬት ይደርሳል። ዘግይቶ መድረስ ግን ቀስ ብሎ መድረስ አይደለም። ቅርንጫፉ የተመለመለ፣ ወጥ ውፍረት ያለው የ20 ሜትር ግንድ ብናስብ፣ ጫፉ መሬት ሲነካ በሰዓት 87 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራል፤ ከዚያው ከፍታ የወደቀው ድንጋይ ግን 71 ገደማ ነው።

ጫፉ በጊዜም እንዲቀድም ከተፈለገ አስቀድሞ የተጋደመ መሆን አለበት። ያንኑ የአንድ ሜትር ጣውላ ከመሬት 30 ዲግሪ አንሥተን ብንለቀው ጫፉ በ0.28 ሰከንድ ይወርዳል፤ ከጫፉ አጠገብ አብሮ የተለቀቀ ኳስ ግን 0.32 ሰከንድ ይፈጅበታል።

ከኮምቦልቻ፣ አናጺ፦ ነገሩ ቀላል ነው። ጫፉ ክብደት ስላለው ነው፤ መዶሻ ብናስርበት ደግሞ ይብስ ይፈጥናል።

የጫፉ ክብደት ዘንጉን ወደ ታች እንደሚያዞረው እውነት ነው፤ ሆኖም ያው ክብደት ለመዞር ይበልጥ እምቢተኛ ያደርገዋል፣ እምቢታውም ከጉልበቱ ቀድሞ ያድጋል። ክብደቱ ሁሉ ጫፉ ላይ ቢሆንና ዘንጉ ቀላል ቢሆን፣ አግድም ተይዞ ሲለቀቅ ጫፉ በg ብቻ ይወርዳል፤ ትርፉ ይጠፋል። ሥሩ ወፍራም፣ ጫፉ ቀጭን የሆነ ዘንግ ግን ከ1.5g እንኳ ያልፋል።

ከደሴ፣ ግንበኛ፦ የጡብ ማቃጠያ ጭስ ማውጫ ስናፈርስ ገና መሬት ሳይደርስ መሐሉ ላይ ተሰበረ። ሥሩን ስንቦረቡር ያጠፋነው ምን ይሆን?

ይህ የቡርቦራው ጥፋት አይመስለኝም። ጫፉ ከስበት በላይ እንዲፈጥን የሚያስገድደው የታችኛው ክፍል ነው ብያለሁ፤ የጡብ ግንብ ደግሞ ጭነት ይችላል እንጂ መወጠር አይችልም። የላይኛው ክፍል ወደ ኋላ ሲቀር ግንቡ ይጎብጣል፣ በሚወድቅበት በኩል ያለው ፊቱም ይከፈታል። ወጥ ለሆነ ግንብ የመጉበጡ ጫና የሚበረታው ከሥሩ በቁመቱ ሲሶ ላይ ነው።

እናንተ መሐሉ ላይ ማለታችሁ ከዚህ ይለያል። ግንቡ ወደ ላይ እየቀጠነ ከሄደ ወይም ሲሚንቶው በዚያ ቦታ ደክሞ ከነበረ ስብራቱ ከፍ ሊል ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ ከዚህ ሆኜ መወሰን አልችልም። ፍርስራሹ ገና ካልተነሣ የስብራቱን ጡቦች እዩልኝ፦ በወደቀበት በኩል ያሉት ከሲሚንቶው ንጹሕ ሆነው ተላቅቀው፣ በጀርባ በኩል ያሉት ተፈርክሰው ከተገኙ በመጉበጥ ተሰብሯል። ሁለቱም ወገን እርስ በርሱ ተንሸራትቶ ከተፋተገ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ ይኖርብናል።