ድስቱን ሳትለኩ ምድጃ አታስገንቡ፦ የማዕድ ቤት ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን ላይ በቀን ለ80 ሰው ገደማ የሚያበስል ማዕድ ቤት አለኝ። አንዴ አሠርቼ አፍርሼዋለሁ፣ ከዚያ እንደገና ነው ያሠራሁት። ማዕድ ቤት ልትሠሩ ያሰባችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡት እነሆ።

«እትዬ፣ ጫጫ ላይ ለሠራተኞች ምግብ ላበስል ነው። ክፍሉ 3 በ4 ነው። ግንበኛው መክተፊያውንም ምድጃውንም 90 ሳንቲ እናድርገው አለኝ። ልክ ነው?»

ለመክተፊያው ደህና ነው። ምድጃውን ግን አስቁሚው እህቴ።

የሥራ ጫማሽን አድርገሽ ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ክንድሽን እጠፊና ከወለሉ እስከ ክርንሽ አስለኪ። እኔ ቁመቴ 1 ሜትር ከ58 ነው፣ ክርኔ 1 ሜትር ላይ ይመጣል። ለመክተፍ ጠረጴዛው ከክርን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ዝቅ ሲል ይመቻል። ሊጥ የምታሺበት ከዚያም ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ክብደትሽን ማሳረፍ አለብሻ።

ምድጃው ላይ የምትለኪው ግን የድስቱን አፍ ነው። 50 ሊትር የሚይዝ ድስት ቁመቱ 40 ሳንቲ ገደማ ነው። ግንቡ 90 ከሆነ፣ የቡታጋዙ ብረት ደግሞ 10 ከጨመረ፣ የድስቱ አፍ 1 ሜትር ከ40 ላይ ነው። አገጬ እዚያው ነው! እንፋሎቱ ፊትሽን ይመታል፣ ማማሰያውን በትከሻሽ ልታዞሪ ነው። የእኔ የመጀመሪያው ግንብ 85 ነበር። ሽሮው ሲንተከተክ ረዳቴ ክንዷን አንስታ ስታማስል ፈነጠቀባት። ከክርኗ እስከ አንጓዋ ተላጠ። ግንቡን ያፈረስኩት በዚያው ሳምንት ነው።

ስለዚህ ከላይ ወደ ታች አስቢ። ክርንሽ 100 ከሆነ ድስቱን 40 ቀንሺ፣ ብረቱን 10 ቀንሺ። ግንቡ 50 ይሆናል። ከዚያ በላይ አታስወጪው። ትንሽ ዝቅ ቢል ችግር የለውም።

ከምድጃው ጎን ልክ በብረቱ ከፍታ አንድ መደብ አስገንቢ። ሙሉ ድስት ከ50 ኪሎ በላይ ነው፣ አይነሳም። ሁለት ሆናችሁ ወደ መደቡ ታንሸራትቱታላችሁ፣ ከዚያ በጭልፋ ይቀዳል። ውሃውንም በጎማ እዚያው ምድጃው ላይ ሙሉት።

«ግንበኛ ነኝ። ምክርሽ ሰውን ይጎዳል። እናቶቻችን ጉልቻ ላይ ጎንበስ ብለው ነው ወገባቸው ያለቀው። ትክክለኛው 90 ነው።»

ስለ ወገብ ያልከው እውነት ነው ወንድሜ። ጉልቻ ላይ ግን ድስቱ ከመሬት አንድ ስንዝር ነው ያለው። የእኔ የድስት አፍ 1 ሜትር ላይ ነው፣ ማንም ጎንበስ አይልም። ለትንሽ ድስትና ለጀበና ያንተ ልክ ይሠራል። እኔም አንዷን ምድጃ 85 ላይ አስቀርቻታለሁ። ሁለት ዓይነት ድስት ካለ ሁለት ከፍታ ይኑር ነው የምለው።

«የማዕድ ቤት ዕቃ በሦስት ማዕዘን ይቀመጥ ይላሉ፣ ጥጎቹ ሲንክ፣ ምድጃና ፍሪጅ ናቸው አሉ። እኔ ፍሪጅ የለኝም። ይቅርብኝ?»

አይቅርብሽ። ይህ አሠራር በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ አብሳይ የታሰበ ነው። ሦስተኛው ጥግ ዕቃ የምታነሺበት ነው። ለእኛ ሽንኩርቱ፣ በርበሬውና ሽሮው ያለበት መደርደሪያ ማለት ነው። ከአንዱ ወደ አንዱ ከ1.2 እስከ 2.7 ሜትር ይሁን፣ ሦስቱ ሲደመሩ ከ8 ሜትር አይለፉ።

የጫጫዋን ክፍል ልውሰድ። ሲንኩና ትልቁ ምድጃ በአንዱ ረጅም ግድግዳ፣ በ1.8 ሜትር ርቀት። መክተፊያው በመካከላቸው። መደርደሪያው ፊት ለፊት። ከምድጃው 2.2፣ ከሲንኩ 2.4 ቢርቅ ድምሩ 6.4 ነው፣ ጥሩ ነው። መተላለፊያው ከ1.2 ሜትር አይጥበብ፣ አንዷ ድስት ይዛ ሌላዋ ታልፋለች። በሩ ግን ሰው በምድጃውና በሲንኩ መካከል እንዲያቋርጥ ካደረገ ሁሉም ልፋት ከንቱ ነው። ምጣዱን ከማዕዘኑ ውጪ ለብቻው ጥግ ስጪው። ጋጋሪዋ ለሰዓታት ከቦታዋ አትነቃነቅም።

«እኛ ትልልቆቹን ድስቶች ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው የምንደረድራቸው። ቦታ ይቆጥባል።»

ከትከሻ በላይ ትልቅ ድስት አልመክርም፣ በረጠበ እጅ ሲወርድ ያመልጣል። መክተፊያው ስር በር የሌለው ክፍት ቦታ ተዉ፣ ጥልቀቱ ከድስቱ ስፋት የሚበልጥ፣ ከወለሉ 10 ሳንቲ ከፍ ያለ። አንዱ በአንዱ ውስጥ ይገባል። ክዳኖቹ እንደ መጽሐፍ በጎን ይቁሙ። ማጠቢያውንም አስቡበት፣ 50 ሊትር ድስት ተራ ሲንክ ውስጥ አይገባም። እኔ 80 በ80 የሆነ ዝቅ ያለ የሴራሚክ ገንዳ ነው ያሠራሁት፣ ጠርዙ 40 ሳንቲ ነው።

«መሐል ሜዳ ነን። ብርዱን ታውቂዋለሽ። ጭስ ማውጫ ካለን መስኮቱንና በሩን ጥርቅም ብናደርገውስ?»

እባካችሁ እንዳታደርጉት። በጭስ ማውጫው የሚወጣው አየር የሚተካው ካላገኘ ጭሱ ይመለሳል። ከሰል ከሆነ ደግሞ የማይታየውና የማይሸተው ጋዝ ነው የሚገድለው። ራስ ምታትና ማዞር ከጀመራችሁ ወዲያው ውጡ።

ብርዱን ለመቀነስ አየሩን ከታች አስገቡት። ከምድጃው አጠገብ፣ በቁርጭምጭሚት ከፍታ፣ ሁለት ብሎኬት በጎናቸው አስተኝታችሁ ገንቡ፣ ቀዳዳቸው ወደ ውጪ ይታይ። ለአይጥ ወንፊት ሽቦ ምቱበት። ቀዝቃዛው አየር ወደ እሳቱ ይሄዳል እንጂ ጀርባችሁን አይመታም።

ሲያልቅ ሞክሩት። እሳቱ እየነደደ የሚጨስ ዕጣን በጭስ መሰብሰቢያው ጠርዝ ላይ ያዙ። ጭሱ ወደ ውስጥ ከገባ ጥሩ ነው። ከዞረባችሁ በሩን ከፈት አድርጉ። ያኔ ከተሳበ የጎደለው አየር ነው፣ ቀዳዳ ጨምሩ። ያኔም ካልተሳበ ጥፋቱ ቱቦው ነው።

የእኔው እንዲያ ነበር። ሠሪው ቱቦውን ከጣሪያው ጫፍ በታች ቆርጦ ተወው። ነፋስ በመጣ ቁጥር ጭሱ ይመለስ ነበር። አሁን ከጣሪያው ጫፍ 60 ሳንቲ ከፍ ብሏል። መሰብሰቢያውም ከምድጃው በየጎኑ 15 ሳንቲ ይሰፋል። ተራ የቆርቆሮ ቱቦ ሲግል እንጨት ያነዳል፣ ከጣሪያው አጣና 45 ሳንቲ ያህል አርቁት።

«በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው የምጋግረው፣ ጭስ የለኝም። ግን ጠዋት ጠዋት ጣሪያው ያንጠባጥባል። ቆርቆሮው ተበስቶ ይሆን?»

በዝናብ ካላፈሰሰ አልተበሳም። የምጣዱ እንፋሎት ነው። ሌሊት የቀዘቀዘው ቆርቆሮ ላይ ሲደርስ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፣ ወርዶም እንጀራው ላይ ነው። ኮርኒስ ብቻውን አያድንም፣ ከበላዩ ይሻግታል። ምጣዱም ላይ መሰብሰቢያና ቱቦ ያስፈልጋል። 3,500 ዋት ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል፣ መስመሩም ለብቻው ይሁን።

«ይህን ሁሉ ከምትለፊ አየር ሳቢ ማራገቢያ አትገጥሚም?»

ለእንፋሎት ጥሩ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ይቆማል፣ እንጨቱ መጨሱን አያቆምም። አንዲት ጓደኛዬ ሁለቱንም ገጥማለች። ኃይለኛው ማራገቢያ የምድጃውን ጭስ ከቱቦው መልሶ ወደ ቤት ይስብባታል፣ ታችኛውን ቀዳዳ ስታሰፋው ተሻላት። እኔ ለምጣዱ ጥግ ብቻ ልግጠም ወይስ ይቅር የሚለውን ገና አልቆረጥኩም። ሞክራችሁ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።