የዱቤ ደብተርና ትንሿ መስፈሪያ

«በትንሽ ከተማ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ከፍቻለሁ። በአንድ መንገድ ላይ ስድስት ሱቅ አለ፤ ሰዉም ጥሬ ገንዘብ የለውም። ደንበኛ ከየት ላምጣ?»

ወንድሜ፣ ዋጋ በመቀነስ አትጀምር፤ ጎረቤትህ በማግስቱ ያንኑ ያደርግና ሁለታችሁም ትከስራላችሁ። የእኔን ሱቅ ያቆመው የዱቤ ደብተር ነው። ሊያዘጋኝ የደረሰውም እርሱ ነበር።

በመጀመሪያ ለጠየቀኝ ሁሉ ሰጠሁ። በሦስተኛው ወር ደብተሩ ሞልቶ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ያበሳጨኝ ግን ሌላ ነው፤ ባለዕዳዎቼ እኔን እየሸሹ፣ ጥሬ ገንዘብ ሲያገኙ ከጎረቤት ይገዙ ጀመር። ዕዳ የበዛበት ደንበኛ መንገድ ይቀይራል።

አሁን ዱቤ የምሰጠው ገቢው የሚመጣበትን ቀን ለማውቀው ሰው ነው፤ ለምሳሌ ወር ጠብቆ ደመወዝ ለሚቀበል መምህር። መንቀሳቀሻ ገንዘብህ 30,000 ብር ነው እንበል። ደብተር ላይ ከ10,000 ብር በላይ አይዋል፤ ይህም ለአሥር ቤተሰብ ለእያንዳንዱ እስከ 1,000 ብር ማለት ነው። ያለፈው ሳይዘጋ አዲስ አትጻፍ። ደብተሩም ሁለት ይሁን፤ አንዱ እነርሱ ቤት ከተቀመጠ ጭቅጭቅ የለም።

የቀን ሠራተኛው የሚፈልገው ዱቤ ሳይሆን ትንሽ መስፈሪያ ነው። ዘይቱን በሊትር ብቻ የምትሸጥ ከሆነ አልፎህ ይሄዳል፤ በሲኒ ስፈርለት። ከአንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ስንት ሲኒ እንደሚወጣ ግን መጀመሪያ ራስህ ለካ፤ የሚንጠባጠበውና ሞልቶ የሚፈሰው ትርፍህን ይበላዋል። ገበሬው ደግሞ በገበያ ቀን እህሉን ሸጦ ነው የሚገዛው፤ ጨውና ሳሙና ከዋዜማው አስገባ፤ በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቅህን እንዳትዘጋ።