የባንክ ስቴትመንትን ከሌጀር ጋር በየቀኑ ማስታረቅ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ኮምቦልቻ፣ የብረታ ብረት መደብር ሒሳብ ሠራተኛ)፦ ጋሼ፣ ስቴትመንቱንና ሌጀሩን በብር መጠን በVLOOKUP አገናኛለሁ። ሁሉም ተገናኝቷል ይለኛል፤ ቀሪው ግን በባንክ 18,400 ብር ይበልጣል። ምኑ ነው የሳትኩት?

መልስ፦ በዚያ ቀን 18,400 ብር ሁለት ጊዜ ገብቶ እንደሆነ እዪ። ሁለት ደንበኞች እኩል ዕቃ ወስደው እኩል ብር መላካቸው ብርቅ አይደለም። ከሁለቱ አንዱ ሌጀር ላይ ካልተመዘገበ VLOOKUP ሁለቱንም የባንክ ረድፎች ከዚያው ከአንዱ መዝገብ ጋር ያገናኛቸዋል። ስለዚህ መጠኑ ለስንተኛ ጊዜ እንደመጣ የሚቆጥር መለያ በሁለቱም ሉሆች ላይ ሥሪ። መጠኑ በC፣ መለያው በD ይሁን፦

```
=ROUND(C2,2)&"|"&COUNTIF(C$2:C2,C2)
```

ቀጥሎ በባንኩ ሉህ E ላይ፦

```
=IF(COUNTIF(Ledger!D:D,D2)=0,"ይታይ","")
```

18400|1 ይገናኛል፣ 18400|2 ግን «ይታይ» ይላል። ከሌጀር ወደ ባንክም እንዲሁ አድርጊ፤ ገቢና ወጪን ለየብቻ፣ ምክንያቱም ባንኩ ክሬዲት የሚለው አንቺ ዘንድ ዴቢት ነው። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ ምልክቱ ሁልጊዜ የሚወድቀው ኋላ በመጣው ረድፍ ላይ ስለሆነ፣ ያልተመዘገበው የማን ብር እንደሆነ አይነግርሽም። እሱን የምታውቂው የስቴትመንቱን ሪፈረንስ ቁጥር ከደንበኛው የዝውውር ማስረጃ ጋር በማስተያየት ነው። ሳታዪ የአንዱን ደንበኛ ዕዳ እንዳትሰርዢ።

ጥያቄ (ደሴ)፦ የቀኑ ድምር እኩል ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

መልስ፦ ድምሩን መጀመሪያ ማየትህ ትክክል ነው፤ ካልገጠመ ሥራ እንዳለ ወዲያው ታውቃለህ። ከገጠመ ግን የ5,000 ብር ገቢ ሳይመዘገብ ቀርቶ የ2,000 እና የ3,000 ብር ገቢዎች ሁለት ሁለት ጊዜ ተመዝግበው ሊሆን ይችላል። ድምሩ እኩል ነው፣ የሦስት ደንበኞች ሒሳብ ግን ተበላሽቷል።

ጥያቄ፦ የእኔ ሱቅ ማታ ካዝናው ከሽያጩ ጋር አይገጥምም። በዚህ ፎርሙላ ይስተካከላል?

መልስ፦ እሱ ሌላ ነው፤ የካዝና ቆጠራ ነው። እዚህ የምንናገረው ባንክ ውስጥ ስላለው ብር ነው።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ የባንኩ ቀን 03/11/2025፣ የእኛ 24/2/2018። እንዴት ይገናኛሉ?

መልስ፦ አንድ ቀን ናቸው፤ ጥቅምት 24 ነው። ግን 03/11ን ኤክሴል ማርች 11 አድርጎ ሊያነበው ስለሚችል የአንድ ረድፍ ወር አረጋግጪ። ቀንን ዋና መለያ አታድርጊ፤ ማታ የተላከ ብር ሌጀር ላይ በማግሥቱ ሊመዘገብ ይችላል። ትናንት «ይታይ» የተባሉትን ከዛሬዎቹ በላይ ለጥፈሽ ቀጥዪ።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ላኪው የማይታወቅ ብር ቢገባስ?

መልስ፦ ሽያጭ ብለህ አትመዝግብ፤ «ባለቤቱ ያልታወቀ ገቢ» በሚል የዕዳ ሒሳብ አቆየው። ለምን ያህል ጊዜ ይቆይ በሚለው ላይ ኦዲተሮች ሲለያዩ አይቻለሁ፤ የእናንተን ኦዲተር ጠይቅ።