«ሪከርድ የለበትም» ካልሽ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ፤ እህታችሁ የሕግ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ምስለ ችሎት አለን። ደንበኛዬ ስልክ ሰርቆ ጥፋተኛ ተብሏል፣ ከዚህ በፊት ተከሶ አያውቅም። ለቅጣት ማቅለያ 5 ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ሪከርድ የለበትም ከማለት ሌላ ምን ልበል?»

ሰላም እህቴ። እኔም ተማሪ ሆኜ ያቀረብኩት የመጀመሪያ ማቅለያ በስርቆት ጉዳይ ነበር። ግማሹን ጊዜ የጨረስኩት «የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች እርስ በርስ ይጋጫሉ» እያልኩ ነው። ዳኛ ሆነው የተቀመጡት መምህራችን አስቆሙኝ። «ጥፋተኝነቱ አልቋል። አሁን የምንሰማው ቅጣቱን ነው» አሉኝ። ጉዳቱ ጊዜ ማባከን ብቻ አልነበረም። በአንድ አፌ አልሰረቀም እያልኩ፣ በሌላው ተጸጽቷል ልል አልቻልኩም። ጠንካራውን ማቅለያዬን በገዛ እጄ ጣልኩት።

ዛሬ ተማሪዎችን ሳለማምድ መጀመሪያ የማስነብባቸው የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 82(1)(ሀ) ነው። ቀስ ብለሽ አንብቢው። የቀድሞ ጠባዩ መልካም መሆኑ አንድ ነገር ነው። ወደ ወንጀሉ የገባው ባለማስተዋል፣ በየዋህነት ወይም ባልታሰበ አጋጣሚ መሆኑ ደግሞ ሌላ። «ሪከርድ የለበትም» የሚሸፍነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፣ እሱንም በከፊል። ሁለተኛውን ካላሳየሽ ዳኛው «እሺ፣ ታዲያ ለምን ሰረቀ?» ብሎ ይጠብቅሻል።

በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 149 መሠረት በቅጣት ላይ ቀድሞ የሚናገረው ዐቃቤ ሕግ ነው። ጆሮሽን ጣል አድርጊ። እሱ ራሱ የቀድሞ ጥፋት የለበትም ካለ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተቀበይውና እለፊ።

ለልምምድ የምሰጠው አንድ ጉዳይ አለ፣ የፈጠርኩት ነው። የ22 ዓመት ወጣት ካፌ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ስልክ ወስዶ በ6,000 ብር ሸጠ። ፖሊስ ሲይዘው ወዲያው አመነ፣ ስልኩን የገዛውንም ሰው አሳየ። ስልኩ ለባለቤቱ ተመለሰ። መዝገቡ ውስጥ ከድርጊቱ 2 ቀን በፊት ለእናቱ የተጻፈ የመድኃኒት ማዘዣ አለ። እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ደንበኛዬ ጥፋቱን አምኗል፤ እኔም አላቃልለውም። ስልኩን ፈልጎ አልሄደም። ተረስቶ አገኘው፣ በዚያች ቅጽበትም ተሳሳተ። ይህ በ82(1)(ሀ) ይታይልን። ከ2 ቀን በፊት የተጻፈው ማዘዣ በመዝገቡ ተያይዟል። በከባድ ችግር ላይ እንደነበረ ያሳያልና በ82(1)(ሐ) ይያዝልን። ድርጊቱን ሙሉ በሙሉ ማመኑና ንብረቱ እንዲመለስ ማድረጉ ደግሞ በ(ሠ) ሥር ይመዘንልን።»

ልብ በይ፣ ከእያንዳንዱ አንቀጽ በፊት የቆመው ፍሬ ነገሩ ነው። ማዘዣው ላይ ያለው ቀን ስለ እናቱ ከሚደረግ ረጅም ንግግር ይበልጣል። ቀኑ ከስርቆቱ በኋላ ቢሆን ኖሮ (ሐ)ን ባላነሳሁ ነበር።

እዚህ ላይ አደራ የምልሽ አንድ ነገር አለ። መዝገቡ ላይ የሌለ የታመመች እናት አትፍጠሪ። ተማሪዎች ዳኛውን ለማሳዘን ሲሉ ያደርጉታል። ተቃራኒው ወገን «ማስረጃው የት አለ?» ካለ ግን እውነተኛው ማቅለያሽ ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል።

ንግግርሽን «ቅጣቱ ይቅለልልን» ብለሽ አትዝጊው። ምን እንደምትፈልጊ በግልጽ ጠይቂ። ተራ ስርቆት በአንቀጽ 665 በቀላል እስራት፣ እንደ ነገሩ ሁኔታም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ስለዚህ በመጀመሪያ ቅጣቱ በቀላል እስራት ክልል እንዲቆይ፣ ከዚያ በቅጣት አወሳሰን መመሪያው መሠረት በተቀበላቸው ማቅለያዎች እርከኑ እንዲወርድ ጠይቂ። ቅጣቱ በገደብ እንዲታገድ የምትጠይቂውን በመጨረሻ አምጪው። ገደብ ሌላ ማቅለያ አይደለም፤ የራሱ ጥያቄ አለው። ዳኛው ማወቅ የሚፈልገው ይህ ሰው ውጭ ቢሆን ዳግም ያጠፋል ወይ የሚለውን ነው። የት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚከታተለው የሚጠቅሙት እዚህ ነው። አሠሪው መጥቶ «ሥራው ይጠብቀዋል» ቢል ከአንቺ ሁለት ደቂቃ ንግግር ይሻላል፤ ሕጉም የጠባይ ምስክር ማቅረብ ይፈቅድልሻል።

አንድ ጥያቄ ግን እንደሚመጣብሽ ጠብቂ፦ «ከተጸጸተ ለምን ፖሊስ እስኪይዘው ቆየ?» እኔ የምመልሰው «ራሱን አሳልፎ ሰጥቷል አላልኩም ክቡር ፍርድ ቤት። የምለው ከተያዘበት ሰዓት ጀምሮ አልዋሸም፣ ንብረቱም የተገኘው በእሱ ጥቆማ ነው» ብዬ ነው። ይህን ጮክ ብለሽ ተለማመጂው፣ በወረቀት ሳታዪ እስኪወጣልሽ ድረስ።