ሁለት ዕቃ አንድ ላይ መሸጥ ለምን ያዋጣል?

«ሰዎች ሁለቱን ዕቃ እኩል ካልፈለጉ፣ አንድ ላይ መሸጥ እንዴት ገቢ ይጨምራል?»

የሚጨምረው እንዲያውም እኩል ስላልፈለጉ ነው። ሁለት ሶፍትዌር ውሰድ፤ አንዱ ለጽሑፍ፣ ሌላው ለሒሳብ። ደራሲዋ ለጽሑፉ እስከ 90፣ ለሒሳቡ እስከ 40 ትከፍላለች። የሒሳብ ሠራተኛው ተቃራኒዋ ነው።

ለየብቻ እያንዳንዱን 40 ብትል ሁለቱም ሁሉንም ይገዛሉ፤ 160 ታገኛለህ። 90 ብትል የሚወዱትን ብቻ ይወስዳሉ፤ 180። አሁን ጥቅሉን 130 በለው። ሁለቱም ይገዛሉ፣ 260 ገባ! ፍላጎታቸው ቢለያይም ድምሩ እኩል ስለሆነ አንድ ዋጋ ሁለቱንም ልክ ይይዛቸዋል። አንዱ ለእያንዳንዱ ዕቃ 90፣ ሌላው ለእያንዳንዱ 40 የሚከፍል ቢሆን ግን ያው 180 ነው፤ ልፋት ብቻ።

ወጪውንም አትርሳ። እያንዳንዱን ማምረት 50 ቢፈጅ፣ ለየብቻ በ90 ሸጠህ 80 ታተርፋለህ፤ በጥቅል 60 ብቻ። ለማይፈልገው ሰው 50 አውጥተህ በ40 እየሰጠኸው ነዋ።